በጥቅምት የተባለ እምቢታ

ዲላ ላይ ሰውን ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ወደ ሞያሌ የሚያልፍ ሹፌር ነው፤ ነገ ማለዳ ስለሚሄድ የሚያፍረው ሰው የለም። እኛ የከተማው ሰዎች ግን ዋጋ ይዞ ለመጣ ነጋዴ «እናያለን» እንላለን። አብረን እንሥራ ላለን «ጸልየንበት እንመለሳለን» እንላለን። ይህቺ ሁለተኛዋ በጌዴኦ ምድር በጣም ጠንካራ ናት፤ የጸሎት ቤት የሌለበት ቀበሌ ማግኘት በሚከብድበት አገር፣ በጸሎት የተያዘን ጉዳይ «ለመሆኑ መቼ ያልቃል?» ብሎ የሚያጣድፍ ደፋር የለም። ሁለቱም ካልሠሩ «ጋሼ አዲስ አበባ ናቸው» ይባላል። የጋሼ ፒክአፕ ግቢው ውስጥ ነው፤ ጋሼም ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው፤ እንግዳውም ፒክአፑን አይቷል፤ ግን እሱም ጨዋ ስለሆነ «ሲመለሱ ሰላም በሉልኝ» ብሎ ይሄዳል።

ይህን የምናደርገው ተንኮለኞች ስለሆንን አይደለም። ከተማችን በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት። ዛሬ ፕሮፎርማውን የጣሉበት ሰው ነገ በእድር ድንኳን ከጎንዎ ይቀመጣል፤ በሳምንቱ የእቁብ ሰብሳቢ ሆኖ ስምዎን ይጠራል፤ በጥር ደግሞ የልጁን የሠርግ ካርድ ያመጣልዎታል። ስለዚህ ማንም ማንንም እምቢ አይልም፤ እምቢታው ራሱ ቀስ ብሎ፣ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ፣ ተቀባዩ በራሱ ጊዜ እንዲገባው ይተዋል።

ችግሩ እኛ የምንሠራው በቡና መሆኑ ነው። ቡና ደግሞ ሁለትና ሦስት ወር አይጠብቅም።

እኔ የአንድ ቡና አቅራቢ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራተኛ እባላለሁ እንጂ ዋናው ሥራዬ በር ላይ ሰው መሸኘት ነው። አሠሪዬ ጋሼ ወናጎና ኮቸሬ ወረዳዎች ውስጥ የቡና ማጠቢያ ሳይቶች አሏቸው። ከመስከረም ጀምሮ ቢሯችን ሁለት ዓይነት እንግዳ ይጎርፍበታል። አንደኛው ዕቃ ሊሸጥልን የሚመጣው ነው፤ ጆንያ፣ የማድረቂያ አልጋ መረብ፣ ሸራ፣ ናፍጣ፣ የመፈልፈያ ማሽን መለዋወጫ ይዞ። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ላኪ ነው፤ እሱ የሚያመጣው ገንዘብ ነው፣ የሚፈልገው ደግሞ ቡናችንን ሁሉ ነው። ሁለቱንም ከመቀበል ይልቅ መመለስ ይበዛል፤ ከሚመጡት አሥር ሰዎች አንዱን ብንይዝ ነው።

ድሮ ላኪውን መመለስ የሚባል ራስ ምታት አልነበረም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ቡናም ከገባበት በኋላ፣ የጋሼ ቡና በአይሱዙ ተጭኖ ዲላ ወዳለው የምርት ገበያው መጋዘን ይሄድ ነበር። እዚያ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው ስም የለውም፤ ቀማሾቹ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ቀምሰው «የታጠበ ይርጋጨፌ፣ ደረጃ 2» ይላሉ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ማን እንደገዛው እኛ አናውቅም፣ ማን እንደሸጠለት ገዢው አያውቅም። ብዙ ሰው ይህን አሠራር ይወቅሰዋል፤ የቡናው ማንነት ጠፋ፣ ጥሩ የለፋና ያልለፋ አንድ ላይ ተቀላቀለ ይላል። ወቀሳው እውነት አለው። እኔ ግን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር እናፍቃለሁ፤ ያኔ እምቢ ማለት የገበያው ሥራ ነበር። ዋጋው አልተስማማህም? አልሸጥክም። ማንም አልተቀየመህም፤ የሚቀየምህ ሰው ማን እንደሆንክ አያውቅምና።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አቅራቢና ላኪ ምርት ገበያ ሳይገቡ በቀጥታ መተሳሰር ተፈቀደላቸው። መልካም ነው፤ ቡናው ስሙን መልሶ አገኘ፤ ሳይቱ፣ ቀበሌው፣ ከፍታው ሁሉ ጆንያው ላይ መጻፍ ጀመረ። ጋሼም ፊታቸውን መልሰው አገኙ። ፊት ካለ ደግሞ ይሉኝታ አለ።

አሁን ነገሩን በአንድ ጉዳይ ላሳይ። በአንድ የመስቀል ሰሞን አንድ ላኪ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰው ነው፣ አሁንም እንሠራለን። ሐሳቡን በወረቀት አድርጎ ነበር የመጣው፤ ይህ ብቻውን ክብር የሚገባው ነገር ነው፤ ብዙዎቹ በቃል ተናግረው በኋላ በቃል ይክዳሉ። ያቀረበው ይህን ነበር፦ የእሸት መግዣውን ገንዘብ ግማሽ ከወዲሁ ይሰጠናል። በምላሹ የወቅቱን የታጠበ ቡና በሙሉ ለእሱ እናስረክባለን። የአንድ ፈረሱላ ዋጋ ዛሬ፣ በመስከረም ይቆረጣል። ጥራቱን የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው የእሱ ቀማሽ ነው።

ላኪው ከሄደ በኋላ ቤቱ በደስታ ተሞላ። የጋሼ ልጅ «ግማሹን ካፒታል በነጻ!» አለ። በነጻ የሚል ቃል በሰሙ ቁጥር ጋሼ ካልኩሌተር ይጠይቃሉ፤ የእኔን የሒሳብ ትምህርት የሚያምኑት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ለመላክ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ይፈጃል። ላኪው የሚያስበው በኮንቴይነር ነው፤ አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል፣ 19,200 ኪሎ ማለት ነው። በስድስት ሲባዛ ከ115,000 ኪሎ በላይ እሸት ይሆናል። እንግዲህ የእሸት ዋጋ እኛ አንወስነውም። ወናጎ መንገድ ዳር ሚዛኑን ዘርግቶ የቆመው ሰብሳቢና ከማዶ የቆመው ተወዳዳሪው እየተያዩ ይወስኑታል፤ ጠዋት ሌላ ነው፣ ከሰዓት ሌላ ነው። ዋጋው ውል ከተቆረጠበት በኪሎ 10 ብር ብቻ ቢጨምር በአንድ ኮንቴይነር 1,152,000 ብር ከጋሼ ኪስ ይወጣል። ላኪው የሚከፍለን ግን በመስከረም የተቆረጠውን ነው። በኪሎ 10 ብር በዚህ ምድር በአንድ የገበያ ቀን ሊነሣ ይችላል።

ቢቀንስስ? ልጁ ይህን ጠየቀ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቢቀንስ እናተርፋለን። ነገር ግን ጋሼ «ቢቀንስማ ገበሬው ይዞት ይጠብቃል» አሉ። እውነት ነው፤ ገበሬው እሸቱን አልሸጥም ብሎ አድርቆ ጀንፈል ሊያደርገው ይችላል፤ ያን ጊዜ ላኪው የጠየቀንን የታጠበ ቡና ከየት እናመጣለን? ስለዚህ ሲወጣ እኛ እንጎዳለን፣ ሲወርድ ደግሞ ቡናው ራሱ አይመጣም።

ጋሼ ላኪውን ወዲያው አልሸኙም፤ መጀመሪያ ሌላ መንገድ ሞከሩ። «ለእሸት የከፈልነውን በደረሰኝ እናሳይ፤ በዚያ ላይ የማጠቢያና የማድረቂያ ወጪ የተወሰነ ብር ጨምርበት» አሉት በስልክ። ላኪው ልባዊ በሆነ ሐዘን አልችልም አለ። ቡናውን ለውጭ ገዢ በቁርጥ ዋጋ አስቀድሞ ሸጦታል። የኒውዮርክ ዋጋ ቢወጣ ቢወርድ ለእሱ ያው ነው፤ እሱም ታስሯል። እዚህ ላይ ማንም ክፉ አልነበረም። ሁለት የታሰሩ ሰዎች በአንድ ገመድ እንተሳሰር ተባባሉ እንጂ።

ስለዚህ መልሱ አይሆንም ነው። ያን ማታ የቤቱ ሰው ሁሉ ተስማማ። ከዚያ የተለመደው ውይይት ተጀመረ፤ እንዴት እንበለው?

አንዱ «ዝም እንበል፣ ይገባዋል» አለ። ሌላው «እናያለን ይባል፤ ኅዳር ላይ የተሻለ ካልመጣ እሱ አለ» አለ። ብልህ የሚመስለው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ጋሼን ያስቆጣውም እሱ ነው። ቁጣቸው የሥነ ምግባር አልነበረም፣ የቀን መቁጠሪያ ነበር። ቡና ከዝቅተኛው ቦታ ጀምሮ ነው የሚቀላው፤ ዲላ ዙሪያና ወናጎ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ይርጋጨፌ፣ ወደ ኮቸሬ፣ ወደ ገደብ ከፍታ ይወጣል። ላኪው ገንዘቡን ከባንክ ተበድሯል፤ ወለዱ ይቆጥራል። ጥቅምት ሲገባ ገንዘቡን ሳይት ላይ ካላስቀመጠ፣ ኅዳር ላይ ያሉት ሳይቶች ሁሉ በሌሎች ተይዘዋል። የእኛ «እናያለን» የእሱን ግማሽ ወቅት በኪሳችን ይዞ ይቀመጣል። ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «በጥቅምት እምቢ ያልኩት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። በኅዳር እምቢ ያልኩት ሰው ግን ስሜን ለአዲስ አበባ ይናገራል።»

ማድረግ የሌለብን ሁለተኛ ነገር ምሳ መጋበዝ ነው። ይህን እኔ ነበርኩ ያቀረብኩት፤ ክትፎ አብልተን፣ ቡና አፍልተን፣ በሦስተኛው ስኒ ላይ ቀስ ብለን ብንነግረው ብዬ። ጋሼ ሳቁ። እኛ አገር ሰው በማዕድ ከተጋበዘ ነገሩ አልቋል ብሎ ነው የሚመጣው፤ ጠበቃውን ይዞ ሊመጣም ይችላል። ምሳው ከእምቢታው በኋላ እንጂ በፊት አይበላም። በኋላ የተበላ ምሳ «ተለያየን እንጂ አልተጣላንም» ማለት ነው፤ በፊት የተበላ ምሳ ማታለል ይመስላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ሆነ። ጋሼ ራሳቸው ይደውላሉ፤ በእኔ አያስነግሩም። ላኪው ሐሳቡን ለጋሼ ለራሳቸው አቅርቦ መልሱን ከሒሳብ ሠራተኛ ቢሰማ፣ ዋጋው ሳይሆን ክብሩ የተጣለ ይመስለዋል። ከስልኩ በኋላ በዚያው ቀን ደብዳቤ ይሄዳል። ደብዳቤ ለምን? ላኪውም በበኩሉ አዲስ አበባ ሄዶ ለሸሪኮቹ የሚያሳየው ነገር ስለሚፈልግ። «ሰውዬው እምቢ አለኝ» ከማለት «ይኸው፣ በዋጋ አቆራረጡ አልተስማማንም» ማለት ይቀለዋል።

ስልኩ አጭር ነበር። ሰላምታው ግን አጭር አልነበረም፤ ልጆች፣ ከብት፣ ዝናብ፣ የመንገዱ ሁኔታ ሁሉ ተጠየቀ። ከዚያ ጋሼ «ስለ ውሉ ነው የደወልኩት። በዚህ ዓመት በዚህ መንገድ አልችልም። አንተን እንዳላቆይህ ብዬ ዛሬ ነገርኩህ» አሉ። በመስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። ጋሼ ዝምታውን በወሬ አልሞሉትም። እኔ ብሆን «ግን እናያለን፣ ማን ያውቃል» ብዬ የተዘጋውን በር እንደገና በርግጄ እከፍተው ነበር።

ደብዳቤውን እኔ አረቀቅሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ይህን ይመስል ነበር፦ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ድርጅታችን ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ከተከበሩ ደንበኞቹ ጋር ባለው መልካም የሥራ ግንኙነት እየተደሰተ…» ውሳኔው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡንም አንድ አንቀጽ ሰጥቼው ነበር፤ ያን ሰሞን ማንም ይህን ሳይጠቅስ ደብዳቤ አይጽፍም ነበር። ጋሼ እስኪጨርሱ መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ። «ይህን አንብቦ ሲያበቃ ቡናው ሻግቷል» አሉ። ከዚያ ቁጭ ብለን ይህን አወጣን፦

«ጉዳዩ፦ የቡና አቅርቦት ውል ሐሳብን ይመለከታል

ባለፈው ሳምንት በአካል መጥተው ያቀረቡልንን የውል ሐሳብ ተመልክተነዋል። ለዚህ ዓመት ሐሳቡን መቀበል አንችልም። ምክንያታችን የፈረሱላ ዋጋው አስቀድሞ መቆረጡ ነው፤ የእሸት ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የልዩነቱን ኪሳራ መሸከም አንችልም።

የሰጡንን የውል ረቂቅ ከዚህ ጋር መልሰናል፤ ይዘቱን ለሌላ ወገን አላሳየንም።

ከኮቸሬ ሳይታችን በታኅሣሥ የሚደርሰውን አንድ ጭነት በዕለቱ ዋጋ፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ለመሸጥ ዝግጁ ነን። ፈቃድዎ ከሆነ ናሙናውን በመጀመሪያ ለእርስዎ እንልካለን።

ከሰላምታ ጋር»

ይህን ደብዳቤ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ቀኑንና ስሙን እየቀየርኩ እጠቀምበታለሁ። ውሳኔው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው። ጋሼ ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ የእሱ ቀማሽ ብቻ ጥራት ይወስን የሚለውን አልወደዱም። ግን አልጻፉትም። «ሁለት ምክንያት ከሰጠሁት አንዱን ያስተካክልና ግማሽ መንገድ መጣሁ ይላል፤ ደግሞ ቀማሹን አላምንም ማለት እሱን አላምንም ማለት ነው» አሉኝ። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ለይሉኝታ የተጻፈ አይደለም። ያ ጭነት በእርግጥ ነበር፤ ታኅሣሥም በእርግጥ ይመጣል። «ወደፊት አብረን እንደምንሠራ ተስፋ እናደርጋለን» ብለን ብንጽፍ ኖሮ ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ወደፊት ምንም አይኖርም ማለት ነው።

ላኪው ለደብዳቤው መልስ አልሰጠም። ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፣ ይህም ይጠበቃል፤ እምቢ የተባለ ሰው ለጥቂት ጊዜ የመቀዝቀዝ መብት አለው። ታኅሣሥ ላይ ግን ሾፌሩን ለናሙና ላከ። ያንን ጭነት ገዛው። በሚቀጥለው መስከረም ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የፈረሱላ ዋጋ ቦታ ባዶ ነበር፤ ስለ ደረሰኝ የሚናገር አንድ መስመር ግን ተጽፎበታል።

ከላኪው ጋር የነበረው ነገር እንዲህ በቀላሉ አለቀ፤ ላኪው የሚኖረው 360 ኪሎ ሜትር ርቆ ነውና። ከባዱ እምቢታ ከገበያው ማዶ ላለው የዕቃ ነጋዴ የሚባለው ነው።

የፕሮፎርማ ነገር በአገራችን የታወቀ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል ሲባል፣ አንዳንዴ አንድ ሰው ሦስቱንም ይዞ ይመጣል፤ የራሱን፣ የወንድሙንና የጎረቤቱን ሱቅ ማኅተም መትቶ። ሁለቱ አጃቢ ናቸው፤ የሁለቱም ዋጋ ከእሱ ትንሽ ከፍ ይላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሕጉ ለተሸናፊው ተጫራች ውጤቱ በጽሑፍ ይነገረው ይላል፤ የግል ቤት ከሆነ ግን ተሸናፊው የሚያውቀው የተወዳዳሪው ባጃጅ ዕቃውን ጭኖ በፊቱ ሲያልፍ ነው። ከዚህ የከፋ የእምቢታ ዓይነት የለም፤ በባጃጅ የሚደርስ እምቢታ።

እንግዲህ አንድ ነጋዴ ነበር፤ ጋሼን በጋብቻ ይዛመዳቸዋል፤ እንዴት እንደሚዛመዳቸው ሁለቱም በትክክል አያውቁትም፣ ግን ይዛመዳል። ለማድረቂያ አልጋ የሚሆን የሽቦ መረብ ፕሮፎርማ ሰጠን። ከፕሮፎርማው በፊት ለመስቀል በግ ልኮ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የፕሮፎርማ ዕድሜ አጥሯል፤ የእሱም «ይህ ዋጋ ለሦስት ቀን ብቻ ያገለግላል» ይላል። ዋጋው ከሌሎቹ ያንስ ነበር። መረቡ ግን ዓይኑ ሰፊ ነው። ከታጠበ በኋላ ገና እርጥብ የሆነው ቡና ከባድ ነው፤ አልጋው ላይ እስከ ሁለት ሳምንት ይተኛል፤ ሰፊ ዓይን ያለው ቀጭን ሽቦ ከሥሩ ይረግባል፣ መሐሉ ይጎደጉዳል፣ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል፣ ቡናውም እዚያው ላይ ይሸታል። ከላይ የሚነጠፈው ጨርቅ መረብ ቡናው እንዳይሾልክ ያግዛል እንጂ ክብደቱን አይሸከምም።

ይህን ልነግረው ሲገባኝ፣ በሩ ላይ ሲመጣ ከኔ ቀድሞ የጋሼ ልጅ «ለጊዜው ገንዘብ የለንም» አለው። ነጋዴው ፊቱ በራ። «ለዘመድ ገንዘብ ምንድን ነው! በዱቤ ውሰዱ፣ ቡናው ሲሸጥ ትሰጡኛላችሁ።» ልጁ ተርበትብቶ «ማስቀመጫም የለንም» አለ። «እኔ ጋ ይቀመጥ፣ በፈለጋችሁ ሰዓት በጋሪ አመጣላችኋለሁ።» «እንግዲህ ጋሼ መወሰን አለባቸው፣ አዲስ አበባ ናቸው።» «እጠብቃቸዋለሁ» አለና በረንዳው ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጋሼ ከመጋረጃው ጀርባ ነበሩ።

የሐሰት ምክንያት ችግሩ ይሄ ነው፤ ጎበዝ ነጋዴ ያስተካክለዋል። የሰጡትን ሰንካላ ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ከፈታ በኋላ የሚቀረው እምቢ የማለት አቅም ሳይሆን ዕዳ ነው። በሦስት ሰበብ ምትክ ሦስት ውለታ ተቀበልን፤ ዱቤ፣ መጋዘንና ትዕግሥት።

ልጁ «ዋጋህ ተወዷል» ለማለት አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት። ይህ ደግሞ የከፋ ነው። ማታውን ቀንሶ ይመጣል፤ የቀነሰልዎትን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል? ከዚያም «ማን ቀነሰላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሌላውን ነጋዴ ዋጋ ከነገሩት ሳይመሽ የመረብ ሱቆቹ ሁሉ ያውቁታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም አንድ ዓይነት ዋጋ ይዘው ይመጣሉ። የአንዱን ፕሮፎርማ ለሌላው የማያሳይ ቤት ብቻ ነው በየዓመቱ እውነተኛ ዋጋ የሚያገኘው። ይህን ስል ሰው ታማኝነት ነው ይለኛል፤ እኔ ሒሳብ ነው እላለሁ።

ጋሼ ከአዲስ አበባ ተመለሱ፤ ከመጋረጃው ጀርባ እስከ በረንዳው ሰባት እርምጃ ያህል ነው። ሰላም አሉት፣ አብረው ተቀመጡ፣ የመረቡን ናሙና ጠየቁ። «ዋጋህ ጥሩ ነው፤ ዋጋህን አላነሣም። ዓይኑ ግን ሰፊ ነው። ለእኔ አልጋ አይሆንም፤ ዘንድሮ ከአንተ አልወስድም» አሉት። በግልጽ፣ በሁለት መስመር። ለበጉም አመሰገኑ፤ ከዕቃው ጋር አላያያዙትም፤ የበጉን ዋጋ ለመመለስ የሞከረ ሰው ከነጋዴው ጋር ብቻ ሳይሆን ከመስቀል ጋር ይጣላል።

ነጋዴው አላመነም። በሦስተኛው ቀን፣ ፕሮፎርማው ሊያልቅ ሲል፣ ሽማግሌ ላከ። አዎ፣ ለመረብ። ሦስት የተከበሩ አባቶች፣ ሚስት ሊጠይቁ እንደሚመጡ፣ በትራቸውን ይዘው በጠዋት መጡ፤ ዝምድናው ተነሣ፣ የአባቶች ስም ተነሣ፣ «ልጃችን ተከፍቷል» ተባለ። ለሽማግሌ እምቢ ማለት ለነጋዴ እምቢ ከማለት ሌላ ነገር ነው፤ ለእነሱ ስለ ዋጋ ማውራትም ነውር ነው፤ ስለ ጸሎት ደግሞ ከኛ በላይ ያውቃሉ።

ጋሼ ምንም አልተከራከሩም። የመረቡን ናሙና አስመጡና በሁለት በርጩማ መሐል ወጠሩት፤ እኔን ከጓዳ አንድ ቁና ያህል የረጠበ ቡና አስመጡ፤ አፈሰሱበት። መሐሉ ረገበ፣ የተወሰነው ቡና በሽማግሌዎቹ እግር ሥር ተበተነ። ሦስቱም ቡና ሲያደርቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። ትልቁ ጎንበስ ብለው ሽቦውን በጣታቸው ለኩት፣ ወጠሩት፣ ለቀቁት።

«ለቡና አይሆንም» አሉ። ቀጥለውም፣ ወደ ነጋዴው ሱቅ አቅጣጫ እየተመለከቱ፣ ለዶሮ ቤት ስንት ሜትር እንደሚበቃ፣ ፕሮፎርማውም ዛሬ ስለሚያልቅ በዚሁ ዋጋ ይሰጣቸው እንደሆነ ጠየቁኝ።